ምንጩ ጎለበተ፤ ውሃውስ ደረሰ? የፕሮጀክት ማጠናቀቂያ ሪፖርት አጻጻፍ

በወረዳ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩት የፕሮጀክት ማጠናቀቂያ ሪፖርቶች አንዱን ብትገልጡ «ፕሮጀክቱ በተያዘለት ዕቅድ መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳታገኙ አትቀሩም። ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ምን ታቅዶ ምን እንደተሠራ፣ የተሠራውስ ለማን ምን እንዳደረገለት አይናገርም። ከዓመት በኋላ በዚያው ቀበሌ ሌላ ፕሮጀክት ሊቀርጽ የተቀመጠ ባለሙያ ያንን ሪፖርት አንብቦ ሲጨርስ፣ ሳያነብ በፊት ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ አላለም።

የማጠናቀቂያ ሪፖርት ሥራው ሲያልቅ የሚጻፍ የመጨረሻ ሰነድ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት ይጠይቀዋል፤ የፕሮጀክት ስምምነቱን የፈረሙት የክልል ወይም የዞን መሥሪያ ቤቶችም ይጠብቁታል። ተቋሙን የሚረከበው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደግሞ በየቀኑ የሚያስፈልገው ሰነድ እሱ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት መልስ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል። ምን ተገኘ? ከሆነው ነገር ምን ተማርን? ከዚህ በኋላ ማን ምን ያድርግ? ሦስቱም በአንድ ክር የተያያዙ ናቸው። ውጤቱ በትክክል ካልተለካ ትምህርት አይወጣውም፤ ትምህርት ከሌለ ደግሞ ምክረ ሐሳቡ ከየትም ተቀድቶ የተለጠፈ ይሆናል።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንየው። ምሳሌው ለማስረዳት ሲባል የተዘጋጀ ነው፤ ቁጥሮቹም የምሳሌው ናቸው። የሚያሳየው ችግር ግን በገጠር ውሃ ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ምሳሌው፦ ስምንት የውሃ ተቋማት በአንድ ቀበሌ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ፣ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም በሚጥልበት ቀበሌ፣ አንድ አገር በቀል ድርጅት የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ነደፈ። ዕቅዱ አምስት ምንጮችን ማጎልበትና በእጅ ፓምፕ የሚሠሩ ሦስት የእጅ ጉድጓዶችን መቆፈር ነበር። አንድ ምንጭ 350 ሰው፣ አንድ ጉድጓድ 250 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ጠቅላላው ተጠቃሚ 2,500 ሆነ። በጀቱ 3,600,000 ብር፣ ጊዜው ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ወር ነው።

ሥራው ሲያልቅ የሆነው እንዲህ ነው። አምስቱም ምንጮች በጥር ተጠናቀው ለየውሃ ኮሚቴዎቻቸው ተሰጡ። ከሦስቱ ጉድጓዶች ሁለቱ ውሃ ሰጡ፤ ሦስተኛው 14 ሜትር ላይ ዐለት ገጥሞት ተቋረጠ። ፕሮጀክቱ ሦስት ወር ተራዝሞ በኅዳር ተዘጋ። ወጪው 3,456,000 ብር ሆነ።

ከዚህ ተነስቶ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ፊት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፦ «ከታቀዱት 8 ተቋማት 7ቱ ተገንብተው 2,250 የኅብረተሰብ ክፍሎች የንጹሕ መጠጥ ውሃ ተጠቃሚ ሆነዋል፤ ይህም የዕቅዱ 90 በመቶ ነው» ብሎ መዝጋት ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ አምስት ጊዜ 350 እና ሁለት ጊዜ 250 ሲደመር 2,250 ይመጣል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የተገኘው ከንድፉ ወረቀት ነው። ማን እየቀዳ እንደሆነ፣ ስንት ሊትር እንደሚያገኝ፣ በየትኛው ወር እንደሚያገኝ አንድም ሰው አልጠየቀም። ሁለተኛው መንገድ ወደ ምንጩ ወርዶ መለካት ነው።

ጀሪካንና የእጅ ሰዓት

የትንሽ ምንጭን ፍሰት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከቧንቧው ሥር ተደርጎ እስኪሞላ ያለው ጊዜ በሰዓት ይያዛል፤ ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰዳል። በምሳሌያችን የድርጅቱ ቴክኒሻን ከአምስቱ ምንጮች አንዱን በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሲለካ ጀሪካኑ በ40 ሰከንድ ሞላ። ይህ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ነው። 350 ሰው በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ቢፈልግ የቀን ፍላጎቱ 8,750 ሊትር ብቻ ስለሆነ ምንጩ ከበቂ በላይ መሰለ። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አያስፈልግም ተብሎ ንድፉ በዚያው ጸደቀ።

25 ሊትሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው መለኪያ 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሪፖርት ጸሐፊው «በቂ ውሃ» ሲል በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ስም መጥራት አለበት፤ አለዚያ ቃሉ እንደ አንባቢው ይለጠጣል።

በሚቀጥለው ግንቦት፣ ምንጩ አገልግሎት ላይ እያለ፣ ያው ቴክኒሻን ያንኑ ጀሪካን ከዚያው ቧንቧ ሥር አስቀመጠ። አሁን እስኪሞላ አራት ደቂቃ ፈጀ። በሰዓት 300 ሊትር፣ በቀን 7,200 ሊትር ማለት ነው። ሰው የሚቀዳው ደግሞ ከንጋት እስከ ምሽት ባሉት 12 ሰዓታት ብቻ ነው። ማጠራቀሚያ ስለሌለ የሌሊቱ 3,600 ሊትር እየፈሰሰ ያድራል። ለ350 ሰው የቀረው 3,600 ሊትር ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ወደ 10 ሊትር ይሆናል። ከአምስቱ ምንጮች ሌላም አንድ እንደዚሁ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ ምንጮችና ሁለቱ ጉድጓዶች ግን በግንቦትም አልቀነሱም።

ስለዚህ ተጠቃሚው ሕዝብ አንድ ሳይሆን ሦስት ቁጥር አለው። የታቀደው 2,500 ነው። ተቋም የተሠራለት 2,250 ነው። ዓመቱን ሙሉ በመለኪያው መሠረት ውሃ የሚያገኘው 1,550 ነው። ይህ የመጨረሻው የዕቅዱ 62 በመቶ ይሆናል። ሪፖርቱ ሦስቱንም ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ድርጅቱን አያዋርደውም። ይልቁንም አንባቢው ወዲያውኑ «በ2,250 እና በ1,550 መካከል ያሉት 700 ሰዎች እነማን ናቸው? ምን ገጠማቸው?» ብሎ ይጠይቃል። የሪፖርቱ ዋና ቁም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

መነሻውና መድረሻው በአንድ ወቅት ይለካ

ከተቋሙ ቁጥር በላይ የሚፈለገው በሰው ኑሮ ላይ የመጣው ለውጥ ነው። በምሳሌያችን የተመረጠው መለኪያ ሴቶች ውሃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ፣ ወረፋውን ጨምሮ፣ የሚፈጅባቸው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት የውሃ አቅርቦት ክትትልም የደርሶ መልስ ጊዜ ከ30 ደቂቃ አለመብለጡ አንዱ መሠረታዊ መመዘኛ ስለሆነ ምርጫው ጥሩ ነው። ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት በግንቦት በተደረገው መነሻ ጥናት ጊዜው በአማካይ 70 ደቂቃ ነበር። ዕቅዱ ወደ 30 ደቂቃ ማውረድ ነው።

የመዝጊያው ጥናት የተደረገው በኅዳር ነው። በኅዳር ምንጮቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፤ ወረፋ የለም፤ ጊዜው በአማካይ 20 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። የሪፖርቱ የመጀመሪያ ረቂቅ «ከ70 ደቂቃ ወደ 20 ደቂቃ ቀንሷል፤ ከዕቅዱም በልጧል» ይላል። እዚህ ማንም አልዋሸም፤ ንጽጽሩ ግን የተሳሳተ ነው። የበጋው ማብቂያ ከክረምቱ ማግሥት ጋር ተነጻጽሯል። ከ70ው ደቂቃ ላይ የወረደው የትኛው በፕሮጀክቱ፣ የትኛው በዝናቡ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ደግነቱ በግንቦቱ የመስክ ጉብኝት ጊዜው ተይዞ ነበር። ውሃቸው ባልቀነሰው አምስት ተቋማት የሚጠቀሙት 25 ደቂቃ፣ ውሃቸው በቀነሰው ሁለት ምንጮች የሚጠቀሙት ደግሞ 55 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። ትክክለኛው ዐረፍተ ነገር እንግዲህ ይህን ይመስላል፦ «ከግንቦት እስከ ግንቦት ሲነጻጸር፣ በአምስት ተቋማት የቀጂዎች ጊዜ ከ70 ወደ 25 ደቂቃ ወርዷል፤ በሁለት ምንጮች ግን ከ70 ወደ 55 ብቻ ነው የወረደው፤ ምክንያቱም ወረፋ ነው። በኅዳር የተገኘው 20 ደቂቃ የሁሉም ተቋማት አማካይ ሲሆን ለብቻው ተመዝግቧል።» ረዘም ያለ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱንም እውነቶች ይዟል።

ይህ ወቅትን የማዛባት ስሕተት በውሃ ብቻ አይወሰንም። የትምህርት ፕሮጀክት በመስከረም የተመዘገቡትን ተማሪዎች በሰኔ ከቀሩት ጋር፣ የግብርና ፕሮጀክት የመኸር ማግሥት የእህል ዋጋን ከነሐሴ ዋጋ ጋር ሲያነጻጽር ያው ነገር ይደርሳል። ሪፖርት የሚያነብ ሰው ቁጥሩን ከማመኑ በፊት በየትኛው ወር፣ በማን፣ በስንት ቤተሰብ ላይ እንደተለካ መፈለግ አለበት። ይህ በአንቀጹ ውስጥ ወይም በሠንጠረዡ ግርጌ ካልተጻፈ ቁጥሩ ሚዛን የለውም።

ብሩም ይናገራል

የሒሳቡ ክፍል ብዙ ጊዜ ለሒሳብ ሹሙ ተትቶ፣ ከትረካው ተነጥሎ ከኋላ ይለጠፋል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተነበቡ ግን ዋናው ነገር ያመልጣል። በምሳሌያችን ከበጀቱ 96 በመቶ ወጥቷል፤ ከተቋማቱ ደግሞ ወደ 88 በመቶ የሚጠጉት ተሠርተዋል። «144,000 ብር ተቆጥቧል» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቁጠባ አይደለም። በዕቅዱ አንድ ተቋም በአማካይ 450,000 ብር ነበር፤ በአፈጻጸም ወደ 494,000 ብር ሆኗል። ሰባቱ ተቋማት በዕቅዱ ዋጋ ቢሠሩ ኖሮ 3,150,000 ብር ብቻ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ የወጣው ብልጫ 306,000 ብር ነው።

ሪፖርቱ ይህን ብልጫ በየምክንያቱ መከፋፈል አለበት። 120,000 ብሩ ዐለት በመታው ጉድጓድ የፈሰሰ ነው፤ 111,000 ብሩ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ጭማሪ ነው፤ 75,000 ብሩ የሦስት ወሩ መራዘም ያስከተለው የደመወዝና የመኪና ወጪ ነው። እንዲህ ሲጻፍ የትኛው ከድርጅቱ ቁጥጥር ውጪ እንደሆነና የትኛው ሊቀር ይችል እንደነበር ይታያል። የሲሚንቶ ዋጋን ድርጅቱ አይወስነውም። የጉድጓዱ ቦታ ግን በአጎራባች ጉድጓዶች ጥልቀትና በከርሰ ምድር ጥናት ሳይሆን ለቤቶች ቅርብ በመሆኑ ብቻ የተመረጠ ከነበር፣ 120,000ው ብር ትምህርት የሚወጣበት ወጪ ነው።

የአስተዳደር ወጪም ከሥራ ማስኬጃው ተለይቶ ይቀመጣል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለደነገገ፣ የትኛው ወጪ በየትኛው ረድፍ እንደገባ አንባቢው በግልጽ ማየት ይፈልጋል።

ከሆነው ነገር ትምህርት ማውጣት

«የተገኙ ትምህርቶች» በሚለው ርዕስ ሥር በብዛት የሚጻፈው «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ለፕሮጀክት ስኬት ወሳኝ ነው» ወይም «የባለድርሻ አካላት ቅንጅት አስፈላጊ ነው» የሚል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ትምህርት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ገልብጦ ማንበብ። «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ለስኬት አያስፈልግም» የሚል ባለሙያ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አባባል ለማንም አዲስ ነገር አይነግርም። «በጥቅምት የተለካ የምንጭ ፍሰት ለንድፍ ይበቃል» ብሎ የሚያምን ግን አለ፤ ይኸው ንድፉም በዚያ እምነት ጸድቋል። እንግዲህ የእሱ ተቃራኒ እውነተኛ ትምህርት ነው።

ትምህርቱ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ሲይዝ ለቀጣዩ ሰው ይጠቅማል፤ ምን ጠበቅን፣ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ሌላ ጊዜ ምን ይለወጣል። ከአራቱ የሚከብደው «ለምን» ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ምክንያት ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። በምሳሌያችን ሁለቱ የውሃ ኮሚቴዎች መዋጮ መሰብሰብ አቅቷቸዋል። በየምንጩ 70 አባወራ በወር 10 ብር ቢከፍል በአሥር ወር 7,000 ብር መሰብሰብ ነበረበት። በሦስቱ ምንጮች 85 በመቶ፣ በሁለቱ ግን 35 በመቶ ብቻ፣ ማለትም በየምንጩ 2,450 ብር ነው የገባው። ረቂቁ ምክንያቱን «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ተጨማሪ ሥልጠና ይመክራል።

የኮሚቴዎቹ የክፍያ መዝገብ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። በሁለቱም ምንጮች ሰዉ እስከ ሚያዝያ በደንብ ይከፍል ነበር፤ ክፍያው የወደቀው ከግንቦት ጀምሮ ነው። ሥልጠናው ለአምስቱም ኮሚቴዎች አንድ ዓይነት ነበር። የመዋጮው መውደቅና የውሃው መቀነስ በአንድ ወር፣ በእነዚያው ሁለት ምንጮች ላይ ተገናኙ። ውሃ ሳያገኝ ወረፋ ላይ የዋለ ሰው 10 ብር አልከፍልም ቢል የግንዛቤ ጉዳይ አይደለም። ችግሩ ሥልጠና ቢባል ኖሮ ሌላ ገንዘብ ወጥቶ ሌላ ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ ውሃው ግን እዚያው ይጎድላል።

እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጴዛ ላይ አይገኝም። ቡድኑ ሳይበተን፣ ኮንትራታቸው ያለቀ ሰዎች ወደ ሌላ ሥራ ሳይሄዱ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚፈጅ የመዝጊያ ውይይት ማድረግ ያስፈልጋል። ግንበኛው፣ የፓምፕ ጠባቂው፣ የወረዳው ቴክኒሻን፣ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሊኖሩ ይገባል። ሁሉም በአንድ አዳራሽ ከተቀመጡ ግን ይሉኝታ ይነግሣል። ለጋሹ በተገኘበት ስብሰባ «ሥራው ጎድሏል» የሚል ሰው የለም፤ ምስጋና ብቻ ይዥጎደጎዳል። ስለዚህ ቀጂዎቹን ለብቻ፣ ባለሙያዎቹን ለብቻ አነጋግሮ በመጨረሻ ማገናኘት ይሻላል። ጥያቄውም «ጥፋቱ የማን ነው?» ሳይሆን «ንድፉ ሲጸድቅ ምን እናውቅ ነበር? ምን አላወቅንም?» ቢሆን ሰው አፉን ይከፍታል። በእንዲህ ያለ ውይይት ላይ አንዲት እናት «ይህ ምንጭ ከፋሲካ በኋላ እንደሚሸሽ ማን የማያውቅ አለ? የጠየቀን ሰው ነው እንጂ የጠፋው» ቢሉ፣ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የንድፉ አሠራር ላይ ምን እንደጎደለ ያሳያል። ለካሁ የሚለው ባለሙያ ከነዋሪው ትዝታ ጋር አላመሳከረም።

ትምህርቱ ድንበሩንም መናገር አለበት። ከሁለት ምንጮች የተገኘን ነገር ለአገር ሁሉ መዘርጋት አይገባም። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ምንጮች ዝቅ የሚሉበት ወር ሌላ ሊሆን ይችላል። ያ ዓመት ዝናቡ ያነሰበት ከነበረም የግንቦቱ ልኬት ከተለመደው በታች ነው። በአቅራቢያው ካለ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ የዝናብ መረጃ ጋር ማመሳከርና ውጤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ይበቃል።

ምክረ ሐሳብ ለማን?

«የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል» የሚል ምክረ ሐሳብ ማንንም አይመለከትም። እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ የሚፈጽመውን መሥሪያ ቤት ወይም ሰው፣ ሥራውን፣ ጊዜውን፣ የሚችለውን ያህል ወጪውን መያዝ አለበት፤ ከየትኛው ትምህርት እንደመጣም መታየት ይኖርበታል። በምሳሌያችን ሦስት ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ በሁለቱ ምንጮች ሥር እስከ ሚያዝያ ድረስ እያንዳንዱ 4 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ይሠራ። መጠኑ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በሌሊት የሚባክነው 3,600 ሊትር ስለሆነ 4,000 ሊትር ይበቃዋል። ይህ ሲሆን የነፍስ ወከፉ ከ10 ወደ 20 ሊትር ገደማ ያድጋል። ሪፖርቱ 25 ሊትር እንደማይሞላም አብሮ ይናገራል፤ ወረዳው የጎደለውን 5 ሊትር አውቆ ይወስናል። ሁለተኛው ንድፍ ለሚያጸድቀው አካል ነው፤ በአካባቢው ደረቅ ወቅት ማብቂያ ላይ ያልተለካና በነዋሪዎች ያልተመሳከረ ምንጭ ንድፉ አይጽደቅ፤ ፕሮጀክቱ በዚያ ወቅት መድረስ ካልቻለ ማጠራቀሚያ ከመጀመሪያው ይካተት። ሦስተኛው ለራሱ ለድርጅቱ ነው፤ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የአጎራባች ጉድጓዶች ጥልቀት ይመዝገብ፣ የከርሰ ምድር ጥናት ወጪ በበጀቱ ይያዝ፣ የቁፋሮ ውሉም ዐለት ሲገጥም የት ላይ እንደሚቆም ይናገር።

ምክረ ሐሳቡ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ለሚፈጽመው ሰው መታየት አለበት። የወረዳው ኃላፊ «እኔ ለዚህ በጀት የለኝም፤ ሲሚንቶና ግንበኛ ግን አቀርባለሁ፤ አሸዋውና ድንጋዩ ከኅብረተሰቡ ይሁን» ቢሉ፣ ምክረ ሐሳቡ በዚያው ተስተካክሎ ይገባል። ኃላፊው የማያውቁት ምክረ ሐሳብ ማጠናቀቂያ ሪፖርት ውስጥ ቢጻፍም በማንም ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

ትልልቆቹ እንዴት ያደርጉታል?

ይህ የአሠራር ልማድ በትልልቅ ተቋማት ዘንድ የጸና ነው። የዓለም ባንክ በብድር ወይም በእርዳታ የደገፈው ፕሮጀክት ከተዘጋ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ የማጠናቀቂያና የውጤት ሪፖርት እንዲዘጋጅ ያዝዛል። በዚያ ውስጥ የፕሮጀክቱ አጠቃላይ ውጤት «እጅግ አጥጋቢ» ከሚለው ጀምሮ እስከ «እጅግ አጥጋቢ ያልሆነ» በሚወርድ ስድስት ደረጃ ይመዘናል። የፕሮጀክቱ ቡድን የሰጠውን ደረጃ ደግሞ የባንኩ ገለልተኛ የግምገማ ቡድን ዳግም ያየዋል፤ ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜም አለ። የራስን ሥራ በራስ መመዘን ምን ያህል እንደሚያዳላ የተረዳ አሠራር ነው።

የበለጸጉ አገሮች የልማት እርዳታ ኮሚቴ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው የግምገማ መመዘኛዎችም በብዙ ለጋሾች ቅጽ ውስጥ ይገኛሉ። እነሱም አግባብነት፣ ዓላማን ማሳካት፣ ቁጠባዊ አፈጻጸም፣ ዘላቂ ተፅዕኖና ቀጣይነት ሲሆኑ በ2019 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሥራዎች ጋር መጣጣም የሚል ስድስተኛ ተጨምሯል። ትንሽ ድርጅት ስድስቱንም ርዕስ አድርጎ ገጽ ለመሙላት መታገል የለበትም። የእኛን ምሳሌ ብናይ የ1,550ው ቁጥር ዓላማ መሳካቱን፣ የ494,000 ብሩ ቁጥር የገንዘቡን አጠቃቀም፣ የ35 በመቶው መዋጮ ደግሞ ተቋሙ ቀጣይ መሆን አለመሆኑን ቀድሞ መልሶታል።

ሪፖርቱ መቼና እንዴት ይሰናዳል?

የማጠናቀቂያ ሪፖርት በመጨረሻው ወር የሚጻፍ ቢሆንም ማስረጃው የሚሰበሰበው ከመጀመሪያው ወር ነው። የግንቦቱን ልኬት ቴክኒሻኑ በዚያን ጊዜ ባይዝ ኖሮ በኅዳር ማንም ሊመልሰው አይችልም ነበር። ስለዚህ የፕሮጀክቱ ኃላፊ በየወሩ በአንድ መዝገብ ላይ አራት ነገር ይይዛል፤ የታቀደው፣ የተሠራው፣ የተለየበት ምክንያት፣ ማስረጃው ያለበት ቦታ። መዝገቡ ቀን ያለው ፎቶግራፍ፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤ፣ የውሃ ጥራት ምርመራ ውጤት፣ የኮሚቴው የክፍያ ደብተር ቅጂ ሲጨመርበት ሪፖርቱ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ሲጻፍ በመጀመሪያ የሚሠራው ሠንጠረዡ ነው። ለእያንዳንዱ ግብ መነሻው፣ ዕቅዱ፣ የተገኘው፣ የተለካበት ወር በአንድ መስመር ይቀመጣል። ቀጥሎ ዕቅዱና የተገኘው የተለያዩባቸው መስመሮች ብቻ ተነጥለው ይብራራሉ፤ እንደታቀደው የሄደውን በአንድ አንቀጽ ማለፍ ይበቃል። በዚህ መንገድ ትንሽ ፕሮጀክት 15 ወይም 20 ገጽ ይበቃዋል፤ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ወደ አባሪ ይሄዳሉ። ማጠቃለያው በመጨረሻ ተጽፎ በመጀመሪያ ይቀመጣል፤ ከአንድ ገጽም አይበልጥም። በእኛ ምሳሌ ሦስቱ የተጠቃሚ ቁጥሮች፣ የ306,000 ብሩ ብልጫ፣ የግንቦቱ ልኬት ትምህርትና ሦስቱ ምክረ ሐሳቦች በዚያ አንድ ገጽ ላይ ካልታዩ፣ ብዙ ባለሥልጣናት ከማጠቃለያው ስለማያልፉ አልተጻፉም ያህል ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ደግሞ አለ፤ ጊዜ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳው ዕቅድ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ይሰናዳል። በኅዳር የተዘጋ ፕሮጀክት ሪፖርቱን እስከ ታኅሣሥ ወይም ጥር ካደረሰ፣ የሁለቱ ማጠራቀሚያዎች ወጪ በመጪው ዕቅድ ላይ ሊወያዩበት ይችላሉ። ከዚያም በላይ ግንበኛውና ሲሚንቶው ከሌላ ምንጭ ከተገኘ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሥራው ሊያልቅ ይችላል። ያው ሪፖርት ተውቦና ተጠርዞ በሐምሌ ቢመጣ በጀቱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ 700ው ሰዎችም ሌላ ተጨማሪ ግንቦት ይሰለፋሉ። ስለዚህ ሪፖርቱን የሚጽፈው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ምክረ ሐሳቡን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ዕቅዱን የሚዘጋበትን ቀን ጠይቆ፣ የራሱን የማስረከቢያ ቀን ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።